«ገብተው ይቀመጣሉ» — እነማን?

ባለፈው ዓመት ለሰፈራችን የቴአትር ቡድን ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ጻፍኩ። 22 ገጽ፣ አራት ሰው፣ አንድ ክፍል ቤት። እትዬ ዘነቡ የምትባል ባልቴት አለች፤ የሟች ባሏ ወንድም አቶ ደምሴ ቤቱን እንድትሸጥ የሽያጭ ውል ይዞ፣ ዳዊት የሚባል ደላላ አስከትሎ ይመጣል፤ ልጇ ሰብለ መሃል ላይ ተይዛለች። ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ቡና ተጠጥቶ እስኪያበቃ ነው።

ቃለ ተውኔቱን ስጽፍ አልተቸገርኩም። ሰው ሲከራከር መስማት የለመደ ጆሮ ካለ ንግግር አይጠፋም። ያስቸገረኝ ቅንፉ ነው። በቡድናችን «ቅንፍ» የምንለው በንግግሮቹ መሃል በቅንፍ የሚገባውን የመድረክ መመሪያ ነው፤ ማን ይገባል፣ ማን ይነሳል፣ ማን ምን ያነሳል የሚለውን። ሰው ቴአትር ሲያነብ እየዘለለው የሚያልፈው ነገር ስለሆነ እኔም ስጽፈው እየዘለልኩት ነበር ማለት ይቻላል። ቅጣቱ የመጣው መድረክ ላይ ቆመን ማጥናት በጀመርንበት በመጀመሪያው ቀን ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «(ሰብለና ዳዊት በር ላይ ቆመዋል። አቶ ደምሴ ሰላምታ ሰጥተው ሲጨርሱ ገብተው ይቀመጣሉ።)» እኔ ያሰብኩት አቶ ደምሴን ነው። አንጋፋ ሰው ስለሆነ አንቱ ብዬው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ተዋንያኑ ግን ያነበቡት የተጻፈውን ነው። አቶ ደምሴ ሰላምታውን ጨረሰ፤ ሦስቱም ተከታትለው ገቡ፤ ሦስቱም ተቀመጡ። ወንበር ሁለት ብቻ ስለነበር ደላላው ረከቦቱ አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለ። ከሁለት ገጽ በኋላ ሰብለ «በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ» ማለት ነበረባት። ከአጎቷ ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን አነባብራ፣ እንዳለ ተናገረችው። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ብንሆንም ሳቁ የመቶ ሰው ነበር።

አዘጋጃችን በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት ያደገ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ሳቁ ሲያልቅ ጽሑፉን ወደኔ ዘረጋና «ገብተው ይቀመጣሉ፤ እነማን?» አለኝ። አማርኛችን የአክብሮቱንና የብዙውን ግስ አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚጠራ መሆኑን ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው። በወሬ መሃል ችግር የለውም፤ ሰውየው ፊት ለፊት አለ። ወረቀት ላይ ግን «ይነሳሉ» አንድ ሽማግሌም ነው፣ መላው ቤተሰብም ነው።

መፍትሔው ቀላል መስሎኝ «አቶ ደምሴ» የሚለውን ስም በየቅንፉ ልደጋግም አሰብኩ። በዚህ መሃል እትዬ ዘነቡን የምትሠራው ተዋናይት፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው፣ መነጽሯን አውልቃ ጠየቀችኝ። «አንቺ ልጅ፣ እሱ ሲነሳ "ይነሳሉ"፣ እኔ ስነሳ "ትነሳለች"። እኩያሞች አይደለን እንዴ? እሱን አንቱ፣ እኔን አንቺ ያልሽው በምን ሒሳብ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ቤት ሄጄ 22ቱንም ገጽ ገለበጥኩ፤ እውነቷን ነው። ሳላውቀው ወንዱን ሽማግሌ በሙሉ አንቱ ብዬ፣ እናቲቱን በሙሉ አንቺ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው፦ በቅንፍ ውስጥ አንቱታ የለም። ሰዎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ እንደየወጋቸው ይከባበሩ፤ ቅንፉ ግን ስለ አንድ ሰው የሚናገረው በነጠላ ነው። «ይነሳል» ካለ አንድ ወንድ፣ «ትነሳለች» ካለ አንዲት ሴት፣ «ይነሳሉ» ካለ ከአንድ በላይ። ግሱ ራሱ ቁጥሩንም ጾታውንም ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ይህን ያህል አይነግርህም፣ እኛ ግን በአንቱታ እናበላሸዋለን። ሁለት ሴቶች ባሉበት ትዕይንት ደግሞ «ትነሳለች» ብቻውን አይበቃም፤ ስም ይጠራል። ሽፋኑ ጀርባ ላይም ማስታወሻ ጨመርኩ፦ «በቅንፍ ውስጥ ሁሉም ሰው በነጠላ ተጠርቷል፤ ንቀት አይደለም።» ጮክ ብሎ ሲነበብ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይቆረቁራል። «አቶ ደምሴ ይቀመጣል» ሲባል ወጣቶቹ ይሸማቀቁ ነበር። በሳምንቱ ለመዱት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ የከፋ ነው፤ ለማየትም ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

የተውኔቱ አንጓ ገጽ 17 ላይ ነው። አቶ ደምሴ ውሉን ረከቦቱ ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶ ያቀብላታል፤ እሷም ትመልሳለች። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

«እትዬ ዘነቡ፦ (በጥልቅ ሐዘን ተውጣ፣ ያለፈውን ዘመን እያስታወሰች፣ ግን ቆራጥነቷን ሳትለቅ፣ ከበርጩማዋ ቀስ ብላ እየተነሳች) ይህን ቤት፣ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ለማንም አልሸጥም።»

ጋሼ የቅንፉን የመጀመሪያ ግማሽ በእርሳስ ሲሰርዘው አልተከራከርኩም። «ሐዘኑን በቀኝ ዓይኗ፣ ትዝታውን በግራው፣ ቆራጥነቱንስ በምኗ ታሳይልሽ?» ሲለኝ እኔም ሳቅኩ። ተዋናይ ሊሠራው የሚችለው ነገር ድርጊት ነው፤ «ትነሳለች» ይሠራል፣ «ያለፈውን ዘመን እያስታወሰች» አይሠራም። ትዝታው ከ16 ገጽ ንግግር ካልመጣ በቅንፍ ተለምኖ አይመጣም። ይህን ማንም የቴአትር ሰው ይነግርሻል።

የቀረው «እየተነሳች» የሚለው ቃል ነው። እሱ ላይ ማንም ምንም አላለም። ድርጊት ነው፣ አጭር ነው፣ ይሠራል። ሦስት ሳምንት አጠናነው። አንድ ቅዳሜ ግን የአዳራሹ ጥበቃ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና በእረፍት ሰዓት መጥቶ «ታዲያ ከሸጠች በኋላ ለምንድን ነው የሚቆጣት?» ብሎ ጠየቀን። «አልሸጥም ነው እኮ ያለችው!» አልነው። «እኔ "ልሸጥ" ነው የሰማሁት» አለ።

መልሰን ሠራነው፤ እኔ ሄጄ እሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሆነው ይህ ነው። ሴትዮዋ ከዝቅተኛ በርጩማ ለመነሳት ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። «እየተነሳች» ስለሚል መነሳቱና ንግግሩ አንድ ላይ ይጀመራሉ። ቀሚሷን ትሰበስባለች፣ በጉልበቷ ትደገፋለች፤ በመጨረሻ ቀጥ ስትል በርጩማው ከጣውላው ጋር ይፋተግና ክርርር ይላል። ያ ድምፅ የሚመጣው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ጋር ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጉዳዩን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። «ይህን ቤት፣ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ለማንም» እስከሚለው ድረስ ሴትዮዋ ትሽጥ አትሽጥ አልታወቀም። እምቢታዋ ያለው «አል» እና «ም» ውስጥ ነው፤ በርጩማው የበላው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ቅንፍ ስጽፍ የማስበው ይህን ነው። አማርኛ ስለ ድርጊት ጊዜ ስንት መንገድ እንዳለው ተመልከቱ። «(ተነስታ) አልሸጥም» ካልኩ፣ መነሳቱ አልቋል፣ መድረኩ ጸጥ ብሏል፣ ቃሉ ብቻውን ይወጣል። ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ ያየውን ሰው ዓይኑ ይከተላል፣ ስለዚህ ንግግሩ ሲመጣ ሁሉም እሷን እያያት ነው። «(እየተነሳች) አልሸጥም» ካልኩ ሁለቱ ይሻማሉ፤ ለማይረባ ንግግር፣ «እስቲ ስኳሩን ላምጣ» ለሚል ዓይነቱ፣ ጥሩ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል። «አልሸጥም። (ትነሳለች።)» ካልኩ ደግሞ ቃሉ ቀድሞ ወድቋል፤ መነሳቷ ሁለተኛ መልስ ይሆናል፣ ክብደቱም ወደ ድርጊቱ ይሄዳል። አንድ ግስ፣ ሦስት ቅርጽ፣ ሦስት የተለያየ ትዕይንት። እኔ ግን «እየ»ን የምጠቀመው ለጆሮ ስለሚጥም ነበር። ያን ማታ ቆጠርኩ፤ ከ70 በላይ ቅንፎች ውስጥ 50ው «እየ» ናቸው። እየሄደ፣ እየሳቀች፣ እየቀዳች፣ እየተቀመጠ። ሰዎቼ በሙሉ ሲናገሩ የሚንቀጠቀጡ ነበሩ።

በማግስቱ ሦስቱንም ሞከርን። «ተነስታ»ው ጥሩ ነበር፤ ግን ተዋናይቷ አልተዋጠላትም። «ቡና እያፈላ ማን ይነሳል? ለነሱ ብዬ ነው የምነሳው?» አለች። እውነትም ጀበናዋ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ጌታ ናት፤ የሚነሳው ሌላው ነው። በመጨረሻ የያዝነው ይህ ነው፦

«እትዬ ዘነቡ፦ ይህን ቤት፣ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ለማንም አልሸጥም።
(ጀበናውን ታነሳለች። አቶ ደምሴ ይነሳል።)»

እሷ ሳትንቀሳቀስ ትናገራለች። ከዚያ እጇ ወደ ጀበናው ይሄዳል። ከዚያ ሰውየው ይነሳል። በርጩማም ይጮህ ወንበር፣ ቃሉ ወጥቷል።

ሌላው የቅንፍ ተንኮል ርዝመቱ ነው። ገጽ 8 ላይ «(ቡና ቀድታ ታድላለች።)» የሚል ነበር። ሦስት ቃል። በሰዓት ስንይዘው 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። አራት ስኒ ይቀዳል፤ ስኳር ይጨመራል፤ ይማሰላል፤ ለእያንዳንዱ ይደርሳል። እኔ ከሥሩ የጻፍኩት ንግግር ደግሞ ሁለት መስመር፣ 12 ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አራት ተዋንያን ጀበና እያዩ አሳለፉት። ተመልካች ጸጥታን ይታገሣል፤ ነገር ያለበት ጸጥታ ከሆነ። ይህኛው ነገር አልነበረበትም፤ ሰዎቹ ቡናው እስኪቀዳ እየጠበቁ ነበር።

ጋሼ ቀድሞውንም ከአቦል እንዳልጀምር መክሮኝ ነበር። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ እስክትጨርስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ተውኔቱ 35 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መጋረጃው ሲከፈት አቦል ተጠጥቷል፤ ስኒዎቹ ተለቃልቀው ቶና ሊቀዳ ነው። ጀበናው ውስጥ ያለው ለብ ያለ ሻይ ነው፤ ከሰሉም አይነድም፤ የእንጨት መድረክ ላይ እሳት አይፈቀድም፣ ልክም ነው። ለዚያ የ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ግን መፍትሔው ማሳጠር አልነበረም። ቅንፉን ሰባበርኩት። አንዱን ስኒ በዚህ ንግግር፣ ሌላውን በዚያ ንግግር መሃል አስገባሁ። ስሰባብረው ሳላስበው አንድ ጥያቄ መጣ፦ የመጀመሪያው ስኒ ለማን ነው?

በወጉ ለታላቅ ነው፤ ለአቶ ደምሴ። «ታድላለች» በሚለው ቃል ውስጥ ይህ ተደብቆ ነበር። ስለያየው ግን መምረጥ ነበረብኝ፤ እኔም «(የመጀመሪያውን ስኒ ለሰብለ ትሰጣለች።)» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ደምሴ እጁን ዘርግቶ ይቀራል። በትርኢቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች «እ!» ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ «ቅር ብሎኛል» የሚል ንግግር ጽፌ ነበር፤ በዚያ ምክንያት አንዱን ገጽ ሰረዝኩት።

አሁን ስለ አዳራሹ። የወረዳችን ወጣት ማዕከል አዳራሽ ወለሉ ዝርግ ነው፤ ወንበሮቹ ፕላስቲክ፤ መድረኩ ከወለሉ 80 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። እኔ በጽሑፌ «እትዬ ዘነቡ ከመሃል ወደ ኋላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች» ብያለሁ። ቤት ውስጥ ሳስበው ያምር ነበር፤ ቄጤማው፣ ረከቦቱ፣ ከኋላዋ መስኮቱ። ወንበር ደርድረን አምስተኛው ረድፍ ላይ ስቀመጥ ግን የሴትዮዋ ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ሰው የለም። ፊት ለፊቴ ያለው ልጅ ጭንቅላት አለ።

ሜትር ይዘን ለካን። የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1.15 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አናቱ ከዚያ 12 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል። ረድፎቹ በ90 ሴንቲሜትር ተራርቀዋል። ስለዚህ ከፊቴ ያለውን ሰው አናት ታክኮ የሚያልፈው እይታዬ በየ90 ሴንቲሜትሩ 12 ሴንቲሜትር እየወጣ ይሄዳል። ከአምስተኛው ረድፍ እስከ መድረኩ ጠርዝ 5.6 ሜትር ነበር፤ እዚያ ሲደርስ 75 ሴንቲሜትር ያህል ወጥቷል፤ ከወለሉ 1.90 ሜትር ማለት ነው። የመድረኩን 80 ስንቀንስ፣ ጠርዙ ላይ ከ1.10 ሜትር በታች ያለው ሁሉ አይታየኝም። በርጩማው 25 ሴንቲሜትር፣ ሴትዮዋ ተቀምጣ 80፤ ድምር 1.05። ነጠላዋ ጫፍ እንኳ አይደርስም። «ወደ ኋላ» ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ እይታው እየወጣ ስለሚሄድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ስትገባ የማይታየው ከፍታ 1.36 ይሆናል።

ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ወንበሮቹን በአንድ ረድፍ ግማሽ ወንበር አዛነፍን፣ እያንዳንዱ ሰው በፊት ለፊቱ ባሉት ሁለት ሰዎች መሃል እንዲያይ። ያኔ የሚጋርደው ሁለት ረድፍ ቀድሞ ያለው ሰው ነው፤ እይታው በግማሽ ፍጥነት ይወጣል፤ ጠርዙ ላይ የማይታየው ወደ 72 ሴንቲሜትር ወረደ። አንድ ሳንቲም አልፈጀም። ሁለተኛ፣ ረከቦቱን ወደ ጠርዙ አምጥተን 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው መደብ ላይ አወጣነው። የአገር ቤት መደብ ስለሚመስል ማንም ለምን አላለም። አሁን እጇ 80 ሴንቲሜትር ላይ ሆነ፤ ከአምስተኛው ረድፍ ስኒው ይታያል። ከሰባተኛው ወደ ኋላ ግን ፊቷ እንጂ እጇ አይታይም። ያ የመጀመሪያ ስኒ ለሰብለ መሰጠቱ እዚያ ካልታየ ደግሞ ነገሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ቅንፉ አደገ፦ «(የመጀመሪያውን ስኒ ለሰብለ ትሰጣለች። ሰብለ ቆማ በሁለት እጇ ትቀበላለች።)» የቆመ ሰው ከየትም ይታያል፤ በሁለት እጅ መቀበሉም ወግ ነው። ይህች ቅንፍ እንደ ወግ ትነበባለች እንጂ የጂኦሜትሪ ውጤት ናት።

የቀኝና የግራውን ጣጣ ባጭሩ ልለፈው። በቴአትር ቀኝ ማለት ተመልካቹን ፊት ለፊት የሚያይ ተዋናይ ቀኝ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ጋሼ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ «ወደ ቀኝ!» ብሎ ሲጮህ ግን ግማሹ በጋሼ ቀኝ፣ ግማሹ በራሱ ቀኝ ይሄዳል። «ወደ ፊት» ይብሳል፤ ጀርባውን ለተመልካች የሰጠ ሰው ፊቱ ግድግዳው ነው። «አፕ ስቴጅ»፣ «ዳውን ስቴጅ» የሚለውን የሚያውቁ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ያ ስም የመጣው የድሮ የአውሮፓ መድረኮች ወደ ኋላ ከፍ እያሉ የሚሄዱ ስለነበሩ ነው፤ የኛ መድረክ ላይ ላይና ታች የለም። ፈረንሳዮች ይህንኑ ለማምለጥ ሁለቱን ጎኖች «የአትክልቱ ወገን» እና «የግቢው ወገን» ይሏቸዋል፤ ተዋናዩ ወዴትም ይዙር ወገኑ አይለወጥም። እኛም አንደኛውን ጎን ከመስኮቱ ውጭ ሜዳ ስላለ «የኳስ ወገን»፣ ሌላውን «የመጋዘን ወገን» አልነው። ፊትና ኋላውን «ወደ ሰው» እና «ወደ ግድግዳ»።

ይህ ግን ተውኔቱ ውስጥ የለም፤ ያለው በብሎኪንግ ደብተሩ ውስጥ ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ቅንፉ ታሪኩ ያለሱ የማይቆም ድርጊት ነው፤ ማንም ቡድን በየትኛውም አዳራሽ ቢሠራው መደረግ ያለበት። ብሎኪንጉ ግን በዚህ አዳራሽ፣ በነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ወንበር ማን የት እንደሚቆም ነው። የሚጻፈውም በእርሳስ ነው። ጽሑፉን በአንድ ገጽታ ብቻ አሳተምን፤ ባዶው ገጽ ከንግግሩ ፊት ለፊት ይውላል። የመድረክ አስተባባሪያችን በንግግሩ ውስጥ እንቅስቃሴው በሚጀምርበት ቃል ላይ ቁጥር ትጽፋለች፤ በባዶው ገጽ ላይ በዚያው ቁጥር «34፦ ደ፣ መግ → መሃል ሰ» ትላለች። ደምሴ ከመጋዘን ወገን፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ወደ መሃል ወደ ሰው ይመጣል ማለት ነው። ቁጥሩ ከንግግሩ በላይ ሳይሆን በትክክል ከቃሉ ላይ መሆኑ ዋናው ነገር ነው፤ ያ የ«ተነስታ» እና የ«እየተነሳች» ጉዳይ እዚህም አለ።

ጥቅሙን ያየነው ትርኢቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አቶ ደምሴን የሚሠራው ልጅ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ። አዲሱ ተዋናይ ንግግሩን በአራት ቀን ያዘ፤ እንቅስቃሴውን ደግሞ ከደብተሩ ላይ በሁለት ጥናት። የተቸገረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቁጥር 52 ላይ «ደ፣ እንደ ትናንትናው» ይላል። ትናንትናው የትኛው ትናንት እንደሆነ ማንም አላስታወሰም። አንድ ሙሉ ሰዓት ተከራከርን፤ ሦስት ሰው ሦስት ቦታ አሳየ።

ትርኢቱ ካለፈ በኋላ በሌላ ከተማ ያለ የትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበብ ጽሑፉን ጠየቀን። መድረክ የላቸውም፤ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ገፍተው ነው የሚሠሩት። ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። 118 ቁጥር እንቅስቃሴ አለ። የትኛው ወደ ቅንፍ ይግባ፣ የትኛው ይሰረዝ? መደቡ ተሰረዘ። የኳስ ወገኑም የመጋዘኑም ተሰረዙ። የመጀመሪያው ስኒ ገባ፤ ሰብለ ቆማ መቀበሏም ገባ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ቢያያቸውም ተለማምጄው መለየት አልቻልኩም። ከ118ቱ ዘጠኙ ገቡ።

አሥረኛው ቁጥር 97 ነው። በመጨረሻው ትርኢት ላይ እትዬ ዘነቡ «አልሸጥም» ካለች በኋላ፣ ጀበናውን አንስታ በረካውን ልትቀዳ ስትል፣ የአቶ ደምሴ ስኒ ላይ መዳፏን ከደነች። አላጠናነውም፤ እኔም አልጻፍኩትም። ሰውየው የሚነሳበት ቦታ ስለነበር የተነሣው በዚያ ምክንያት መሰለ። አስተባባሪያችን በዚያው ቅጽበት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና በእርሳስ ጽፋለች፦ «97፦ ዘ፣ እጇን ደ ስኒ ላይ። ማን አዘዘ?»

በቅንፍ ጻፍኩት፤ ሰረዝኩት። ሌላዋ ሴት፣ ሌላ ከተማ፣ ታዝዛ ስታደርገው ምን እንደሚመስል አላውቅም። እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና ሰረዝኩት። ለክበቡ በላክሁት ቅጂ ላይ፣ ገጽ 17፣ ከንግግሩ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ገጽ ላይ፣ በእርሳስ ነው ያለው።